ሰከነ፣ ፈረቃ፣ ሰከረ፣ ልብስ፦ የደም ግፊት መድኃኒቶችን ሌክቸር ወደ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ መቀየር

የደም ግፊት መድኃኒቶችን ኖት ይዛችሁ ስትቀመጡ የሚያደክማችሁ የመድኃኒቶቹ መመሳሰል ነው። ኢናላፕሪል ግፊት ይቀንሳል። አምሎዲፒንም ይቀንሳል። አቴኖሎልም እንደዚሁ። ሌክቸሩ አንዱን ምድብ ከላይ እስከ ታች ይጨርስና ወደ ሌላው ይሄዳል። ፈተናው ግን እንደዚያ አይጠይቅም፤ አስም ያለበትን፣ ስኳር ያለበትን፣ እርጉዟን ፊታችሁ ያስቀምጥና "ለዚህ ሰው የቱ ይሻላል፣ የቱስ አይሰጥም?" ይላል። ማወዳደር ነው የሚፈልገው። ኖታችሁ ደግሞ ለማወዳደር አልተጻፈም።

እዚህ ደብረ ብርሃን ማታ ማታ ከታናናሾቼ ጋር ስናጠና የምንሠራበትን መንገድ ነው የምጽፈው። ጋቢ ደርበን፣ ገብስ ቆሎ መሀል ላይ አድርገን፣ አንድ ነጭ ወረቀት ይዘን። አንዱን ሌክቸር ብቻ ወስጄ እስከ መጨረሻው አሳያችኋለሁ። አምስት ምድቦች አሉት፦ ፕሪሎች፣ ሳርታኖች፣ ዲፒኖች፣ ታያዛይዶች እና ኦሎሎች። እነዚህን ስሞች ከመድኃኒቱ ጅራት ነው የወሰድናቸው። ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል ሲባል ጅራቱ "ፕሪል" ነው። ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን "ሳርታን"። አምሎዲፒን፣ ኒፌዲፒን "ዲፒን"። አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል "ኦሎል"። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ራሱ ይናገራል። ጅራቱን ከያዛችሁ በስም የማታውቁት መድኃኒት እንኳ ቢመጣ የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ኖቱን አራቁቱት

ሌክቸሩን ከነስላይዱ አውጡና እርሳስ ያዙ። የሚሰረዘውን ሰርዙ። ትርጉም፣ የበሽታው ስርጭት፣ የመድኃኒቱ ታሪክ፣ ረጅም የዶዝ ዝርዝር፣ እነዚህ ሠንጠረዡ ውስጥ አይገቡም። ዶዝ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ዶዝ በማስታወሻ ቃል አይያዝም፣ ለብቻው በሌላ ወረቀት ይጻፋል። ሁለቱን ስትቀላቅሉ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ከዚያ የቀረውን አንብቡና ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን አንድ ጥያቄ ጻፉ። "ደረቅ ሳል ያመጣል" ካለ ጥያቄው "ምን ያመጣል?" ነው። "አስም ላለበት አይሰጥም" ካለ "ለማን አይሰጥም?" ነው። ሁለት ሦስት ስላይድ ከሠራችሁ በኋላ የሚደጋገሙት ጥያቄዎች አራት ብቻ እንደሆኑ ታያላችሁ፦ የት ይሠራል፣ ምን ያመጣል፣ ለማን አይሰጥም፣ ሲሰጥ ምን ይታያል ወይም ይለካል። የሠንጠረዡ ዓምዶች እነሱ ናቸው። ከአራት በላይ ዓምድ አትክፈቱ። ስምንት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሌክቸሩን በሌላ ወረቀት መገልበጥ ነው።

አንድ ዓምድ ላይ ሁሉም ረድፍ ተመሳሳይ መልስ ካለው አጥፉት። "ግፊት ይቀንሳል" የሚል ዓምድ አምስቱንም አይለይም፣ ስለዚህ ቦታ አይገባውም።

ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ

ማስታወሻ ቃል ከመፍጠራችሁ በፊት "የት ይሠራል" የሚለውን ዓምድ ሙሉ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልለውና በቀጥታ ወደ ቃሉ ይሮጣል። ከዚያ ቃሉ ይጠፋበታል፣ መመለሻም የለውም። ምክንያቱን የያዘ ሰው ግን ቃሉ ቢጠፋበት እንኳ ግማሹን ከምክንያቱ ያወጣዋል።

ፕሪሎቹን እንውሰድ። አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚባለውን ደም ሥር የሚያጠብብ ንጥረ ነገር የሚሠራ አንድ ኤንዛይም አለ። ፕሪል ያንን ኤንዛይም ያቆመዋል። ይኸው ኤንዛይም ግን ሌላም ሥራ አለው፤ ብራዲካይኒን የሚባለውን ይሰባብራል። ኤንዛይሙ ሲቆም ብራዲካይኒን ይከማቻል። ሳሉ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ የከንፈርና የምላስ እብጠቱም ከዚያ ነው። በሌላ በኩል አንጂዮቴንሲን ሲቀንስ አልዶስቴሮን ይቀንሳል፣ አልዶስቴሮን ሲቀንስ ደግሞ ኩላሊት ፖታሲየም በደንብ አያስወጣም፣ ስለዚህ ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከፍ ይላል።

ሳርታኖቹ ኤንዛይሙን አይነኩም። አንጂዮቴንሲን የሚቀመጥበትን ተቀባይ ነው የሚዘጉት። ስለዚህ ብራዲካይኒን እንደ ድሮው ይሰበራል፣ ሳል የለም። አልዶስቴሮን ግን እዚህም ስለሚቀንስ የፖታሲየሙ ነገር ይቀራል። ይህን አንድ ልዩነት ብትይዙ ከሌክቸሩ ግማሹን ይዛችኋል።

ዲፒኖች በደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለውን የካልሲየም በር ይዘጋሉ፣ ደም ሥሩ ይላላል። ታያዛይድ ኩላሊት ውስጥ ጨው ተመልሶ እንዳይገባ ያደርጋል፣ ጨውና ውሃ በሽንት ይወጣል። ኦሎሎች ቤታ የሚባለውን የአድሬናሊን ተቀባይ ይዘጋሉ፣ ልብ ይዘገያል። በቃ። ለሦስቱ ከዚህ በላይ በዚህ ደረጃ አታብዙ።

ቃሉን በፊደል ሥር ሥሩት

ከላይ ካሉት ተማሪዎች የምንወርሰው ማስታወሻ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል የተሠራ ምህጻረ ቃል ነው። ችግሩ ምህጻሩ ራሱ የማናውቀው ቃል ይሆናል፣ ስለዚህ መድኃኒቱን ለማስታወስ ሌላ የሚሸመደድ ነገር ይጨመርብናል። አማርኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሰከረ፣ ሰካራም፣ ስካር፣ ሰክሮ ስንል ድምፁ ይለዋወጣል፣ ሦስቱ ፊደላት ግን ቦታቸውን አይለቁም። ስለዚህ "ስኳር" በ"ስ" ቢጀምርና እናንተ "ሰ" ቢያስፈልጋችሁ ችግር የለም፤ ያው ፊደል ነው። ሦስት ነገር ካላችሁ የሦስት ፊደል ግስ ወይም ስም ፈልጉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ"ምን ያመጣል" ዓምድ፣ ካስፈለገም ከ"ለማን አይሰጥም"፣ ሦስት ዋና ነገር ብቻ ምረጡ። እያንዳንዱን በሁለት በሦስት አማራጭ አማርኛ ጻፉት። ለምሳሌ የእርግዝናው ክልከላ "እርጉዝ" ወይም "ነፍሰ ጡር" ሊባል ይችላል፤ አንዱ እ ይሰጣችኋል፣ ሌላው ነ። የመጀመሪያ ፊደሎቹን ደርድሩና ቦታቸውን እያቀያየራችሁ የምታውቁት ቃል እስኪወጣ ሞክሩ። እኛ አንዱን ቃል ለማግኘት አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ይወስድብናል። ያ ግማሽ ሰዓት አይባክንም፤ ፊደሎቹን ስታገላብጡ ነገሩን አሥር ጊዜ ታነባላችሁ።

ለፕሪሎች ያገኘነው ሰከነ ነው። ሰ፦ ሳል። ከ፦ ከንፈር ማበጥ፣ እንዲሁም ከፍ ያለ ፖታሲየም። ነ፦ ነፍሰ ጡር፣ ማለትም ለእርጉዝ አይሰጥም፣ ጽንሱን ይጎዳል። ግፊቱ ሰከነ ብላችሁ አስቡት። ከ ሁለት ነገር ተሸክማለች፤ ይህ ጥሩ አይደለም፣ ግን ሁለቱም በ"ከ" ስለሚጀምሩ እስካሁን አልጠፉብንም። ሦስት ሆነው ቢሆን ኖሮ ቃሉን እንቀይረው ነበር።

ለሳርታኖች አዲስ ቃል አልፈለግንም። ከሰከነ ላይ ሰ ትወድቃለች፣ ከነ ይቀራል። "ከነልጁ መጣ" እንደምንለው ነው። ሳርታን ከነፖታሲየሙ፣ ከነእርግዝና ክልከላው ይመጣል፣ ሳሉን ብቻ ይተዋል። የከንፈር እብጠቱ እዚህ ከፕሪል ይልቅ በጣም ይቀንሳል፣ ግን ዜሮ አይሆንም። ንጽጽሩ ራሱ በአንድ ፊደል መጥፋት ይታያል።

ለዲፒኖች ፈረቃ። የዋርድ ፈረቃ እንደምትሉት። ፈ፦ ፊት መጋል። ረ፦ ራስ ምታት። ቃ፦ ቁርጭምጭሚት ማበጥ። ሦስቱም ደም ሥር ስለላላ የሚመጡ ናቸው። ድድ ማበጥም አለ፤ እሱን ከሠንጠረዡ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጽፈነዋል፣ ቃሉ ውስጥ ብናስገባው ቃሉ ይበላሽ ነበር።

ለታያዛይድ ሰከረ። ሰ፦ ስኳር። ከ፦ ካልሲየም። ረ፦ ሪህ፣ ማለትም ዩሪክ አሲድ። ሦስቱም ደም ውስጥ ከፍ ይላሉ፤ የሰከረ ሰው ድምፁ ከፍ እንደሚል። የሚወርዱት ደግሞ ሶዲየምና ፖታሲየም ናቸው። ሰካራም ሽንት ቤት ይመላለሳል፣ ጨውና ፖታሲየሙን በሽንት ያፈሳል። የመንገዱን ሥዕል ለምትወዱ እንዲህ አድርጉት፦ ስኳር፣ ካልሲየምና ሪህ ጣርማ በር ላይ ቆመዋል፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ሸዋ ሮቢት ወርደዋል። ያንን ቁልቁለት በአውቶቡስ የወረደ ሰው የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሆነ አይሳሳትም። ቀስት ወደ ላይ፣ ቀስት ወደ ታች ከማድረግ ይህ ለብዙዎቻችን ይቀላል፣ ቀስት በፈተና ጭንቀት ውስጥ ይገለበጣል።

ለኦሎሎች ልብስ። ል፦ ልብ ይዘገያል። ብ፦ ብሮንኮስፓዝም፣ ስለዚህ አስም ላለበት አደገኛ ነው። ስ፦ ስኳር መውረድን ይሸፍናል። ይህ ቃል ከሁሉም የምወደው ነው፣ ምክንያቱም ትርጉሙ ራሱ ይሠራል። ልብስ ይሸፍናል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ልቡ ይመታል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ኦሎል ሲወስድ እነዚህ ምልክቶች ይሸፈናሉ። ላብ ግን አይሸፈንም። ብዙ ልብስ ስትደርቡ ላብ ይወጣል አይደል? ስለዚህ ኦሎል ለሚወስድ የስኳር ታማሚ "ላብ ካሰመጠህ ስኳርህን ተለካ" ይባላል። እጅ መቀዝቀዝም ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ልብስን ከቅዝቃዜ ጋር የማያያይዝ የለም። ልብስ በብርድ መሀል በድንገት አይወለቅም፤ ኦሎልም በድንገት አይቋረጥም፣ በተለይ የልብ ደም ሥር ችግር ላለበት።

አሁን ሠንጠረዡ ይህን ይመስላል፤ በ"ምን ያመጣል" ቦታ ቃሉ ገብቷል።

| ምድብ | የት ይሠራል | ቃሉ | ለማን አይሰጥም | ምን ይታያል |
|---|---|---|---|---|
| ፕሪል | ኤንዛይሙን ያቆማል | ሰከነ | እርጉዝ፣ ከዚህ በፊት ከንፈሩ ያበጠ | ፖታሲየም፣ ክሪያቲኒን |
| ሳርታን | ተቀባዩን ይዘጋል | ከነ | እርጉዝ | ፖታሲየም፣ ክሪያቲኒን |
| ዲፒን | የደም ሥር ካልሲየም በር | ፈረቃ | ከባድ የአኦርታ በር ጥበት ላለበት በጥንቃቄ | እግር |
| ታያዛይድ | ኩላሊት፣ ጨው ያስወጣል | ሰከረ | ሪህ ላለበት በጥንቃቄ | ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ስኳር |
| ኦሎል | ቤታ ተቀባይ | ልብስ | አስም፣ ልቡ በጣም የዘገየ | የልብ ምት |

ፕሪል ወይም ሳርታን ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ፖታሲየምና ክሪያቲኒን ይታያል። ክሪያቲኒን ትንሽ ከፍ ቢል አያስደነግጥም፤ ከመነሻው እስከ 30 በመቶ ድረስ ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

ቃሎቹን እርስ በርስ አጋጩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ማስታወሻ ቃል ብቻውን ሲታይ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲቀመጥ ግን ያሳስታል።

ከእኛ ጋር የምታጠና አንዲት የሦስተኛ ዓመት ልጅ በራሷ ሌላ ማስታወሻ ሠርታ ነበር። "ሳርታን፣ ሳል" የሚል። ሁለቱም በሳ ይጀምራሉ። ፈተና ላይ ደረቅ ሳል የሚያመጣው የቱ ነው ሲላት ሎሳርታንን መረጠች። ሳርታን ሳልን እንደሚተው ነበር ልትይዝ ያሰበችው፤ አእምሮዋ የያዘው ግን መያያዛቸውን ብቻ ነው። "ጋሼ፣ ሳርታንና ሳል መዛመዳቸውን አስታወስኩ፣ በየትኛው በኩል እንደሆነ ግን ጠፋብኝ" አለችኝ። በጣም ትክክለኛ ገለጻ ነው። "የለም" የሚለው ነገር በፊደል መመሳሰል አይያዝም። ስለዚህ አንድ ምድብ አንድ ነገር የማያመጣ ከሆነ፣ ከሚያመጣው ምድብ ቃል ላይ ፊደል አንሱ እንጂ አዲስ ማያያዣ አትፍጠሩ። ሰከነ ላይ ሰ ሲወድቅ "የለም" በዓይን ይታያል።

ሁለተኛው ግጭት የራሳችን ነው። ሰከነ እና ሰከረ በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ። መጀመሪያ ላይ ልንጥለው ነበር፤ ሁለት ልጆች ካልሲየምን ወደ ፕሪል አምጥተውብናል። ከዚያ ትርጉማቸው ተቃራኒ መሆኑን አየን። የሰከነ ሰው ፖታሲየሙን ይይዛል፣ ከፍ ይልበታል። የሰከረው ያፈሳል፣ ይወርድበታል። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ሲታዘዙም በእርግጥ የሚሆነው ይኸው ነው፦ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አብረው ሲሰጡ በፖታሲየም ላይ አንዱ የሌላውን ያመጣጥናል። ሰካራሙን የሰከነ ጓደኛው ደግፎ ወደ ቤት እንደሚወስደው። ይህን ካስተዋልን በኋላ ማንም አልቀላቀላቸውም። ትርጉማቸው እንዲህ ባይገጣጠም ኖሮ ግን አንዱን እንጥለው ነበር፣ እናንተም ጣሉ።

ከዚሁ ጋር፣ የአንዱ ምድብ ቃል ከሌላው ቃል ተቆርጦ የቀረ ከሆነ አብረው መስጠት ጥርጣሬ ይፍጠርባችሁ። ሰከነ እና ከነ እንዲህ ናቸው። ፕሪልና ሳርታን አብረው አይሰጡም፤ ፖታሲየሙ ይደራረባል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፣ ጥቅም ግን አይጨምርም።

ቃሉ የማይነግራችሁን ምልክት አድርጉበት

ማስታወሻ ቃል ሁሉንም እኩል ያደርጋል። ሰከነ ውስጥ ሳልና የከንፈር እብጠት ጎን ለጎን ቆመዋል። በእውነቱ ግን ሳሉ ከብዙ ታማሚ ታያላችሁ፤ እብጠቱ ከመቶ አንድ ሰው እንኳ ላይ አይደርስም፣ ከደረሰ ግን ጉሮሮ ዘግቶ ይገድላል። ስለዚህ እኛ ብዙ ጊዜ የሚታየውን ከሥሩ እናሰምርበታለን፣ የሚገድለውን በቀይ እንከብበዋለን። ሳል ይሰመርበታል። ከንፈር ይከበባል። ፈረቃ ውስጥ ቁርጭምጭሚት ይሰመርበታል። ልብስ ውስጥ ብሮንኮስፓዝም ይከበባል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሌላው ከዚህ የከበደ ነው። ተለማማጅ ሳለሁ ኢናላፕሪል የሚወስዱ አንድ አባት ከወር በላይ እያሳላቸው መጡ። ሰከነ ወዲያው ትዝ አለኝ። ሰ፣ ሳል። መድኃኒቱን እንቀይርላቸው አልኩ። የሚያስተምረን ሐኪም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ "አክታቸው ታይቷል?" አልታየም ነበር። ሲታይ ቲቢ ተገኘ። በእኛ አገር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለቲቢ ይመረመራል፣ ታማሚው ምንም መድኃኒት ይውሰድ። ቃሉ መድኃኒቱ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ይነግራችኋል፤ ይህ ሰው ላይ ያመጣው መድኃኒቱ መሆኑን አይነግራችሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰ ጎን "አክታ?" ብዬ እጽፋለሁ። የሁላችንም ሠንጠረዥ ላይ አለች።

ቁርጭምጭሚት ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። አምሎዲፒን እግር ሲያሳብጥ ብዙ ሰው ውሃ ነው ብሎ ፉሮሴማይድ ይጨምራል። እብጠቱ ግን ሰውነት ውሃ ስለያዘ አይደለም የመጣው። ትንንሾቹ ደም ወሳጅ ሥሮች ላልተው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው ጫና ስለጨመረ ነው። የሽንት መድኃኒት ብዙም አይረዳውም። ዶዙን መቀነስ ወይም ፕሪል ወይም ሳርታን ማከል ይሻለዋል፣ እነዚህ ደም መላሽ ሥሮችን ጭምር ስለሚያላሉ። ይህን ከቃሉ አታገኙትም፤ "የት ይሠራል" ከሚለው ዓምድ ነው የምታገኙት። ለዚህ ነው ያንን ዓምድ መጀመሪያ ሙሉ ያልኳችሁ።

በአንድ ታማሚ ፈትኑት

ሠንጠረዡ መሥራቱን የምታውቁት አንብባችሁ አይደለም። ገጹን ገልብጡት። ባዶ ወረቀት ላይ አምስቱን ምድብ፣ ቃሎቹን፣ ከዚያ እያንዳንዱ ፊደል የሚወክለውን ጻፉ። እኛ በሠራንበት ቀን ማታ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ እናደርገዋለን። ቃሉን አስታውሳችሁ ፊደሉ የሚወክለው ከጠፋባችሁ ቃሉ ደካማ ነው። ፊደሎቹን አውቃችሁ ቃሉ የየትኛው ምድብ እንደሆነ ከጠፋባችሁ ደግሞ ቃሉና ጅራቱ አልተሳሰሩም፤ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስተሳስሯቸው። "ፕሪል ሲወስድ ሰከነ" በቂ ነው።

ከዚያ ታማሚ አምጡ። እኛ የምንጠቀምበት የፈጠራ ጥያቄ ይህ ነው። ከመንዝ የመጡ የ58 ዓመት ገበሬ፣ ግፊትና ስኳር አለባቸው፣ ኢናላፕሪል ይወስዳሉ። ሁለት ወር ደረቅ ሳል አላቸው። ፖታሲየማቸው 5.8 ነው። ምን ታደርጋላችሁ?

ችኩል መልስ "ሳል ስላለ ወደ ሎሳርታን" ነው። ሠንጠረዡን በጭንቅላታችሁ ዘርጉት። ሰ ጎን "አክታ?" ይላል፤ መጀመሪያ ቲቢ ይታያል። እሱ ነጻ ሆነ እንበል። ከሰከነ ወደ ከነ ስትሄዱ ሰ ወደቀች፣ ሳሉ ተፈታ። ግን ከ አሁንም እዚያው ናት። ጤነኛው ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5.0 አካባቢ ነው፤ 5.8 ከፍ ያለ ነው፣ ራሱን ችሎ መታየት አለበት፣ ሎሳርታንም አይቀንሰውም። ስለዚህ ከነ አሁን አይሆንም። ልብስ? ስኳር አለባቸው፣ የስኳር መውረድን ይሸፍናል። ክልክል አይደለም፣ ግን የመጀመሪያ ምርጫም አይደለም። ሰከረ? ፖታሲየሙን ያወርድ ነበር፣ ስኳሩን ግን ሊያባብስ ይችላል፣ በዝቅተኛ ዶዝ ይታሰባል። ፈረቃ? ፖታሲየምም ስኳርም አይነካም። አምሎዲፒን ይመረጣል፣ እግራቸው እንዲታይ ይነገራቸዋል። ሽንታቸው ላይ ፕሮቲን ካለ ግን ጥያቄው ይከብዳል፣ ምክንያቱም ለዚያ ኩላሊት ፕሪል ወይም ሳርታን ጠቃሚ ነው፤ ያኔ ፖታሲየሙን አስተካክሎ ወደ ከነ መመለስ ይታሰባል።

ጥያቄውን ቀይሩት። እኒያን ሰው አንስታችሁ እርጉዝ አምጡ። ነ ያለበት ሁሉ ይወጣል፤ ሰከነም ከነም። ሜቲልዶፓ ወይም ኒፌዲፒን ይቀራል። ሜቲልዶፓ ሠንጠረዡ ላይ ለምን የለም ካላችሁ፣ እኛ ከታች በአንድ መስመር "ለነ" ብለን ጽፈነዋል። ለአንድ መድኃኒት ረድፍ መክፈት አላስፈለገንም።

አንድ ነገር ቀረ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ሠንጠረዡን በአማርኛ ብቻ ከያዛችሁ ፈተና ላይ ስትተረጉሙ ጊዜ ይሄዳል። ከወረቀቱ ጀርባ ሁለት ዓምድ ክፈቱ፦ በአንዱ የእኛ ቃል፣ በሌላው የፈተናው ቃል። ከንፈር ማበጥ፣ አንጂዮኤዴማ። ከፍ ያለ ፖታሲየም፣ ሃይፐርካሌሚያ። ልብ መዘግየት፣ ብራዲካርዲያ። ሪህ የሚያመጣው፣ ሃይፐርዩሪሴሚያ። የእንግሊዝኛውን ጽሕፈት ከሌክቸሩ ፊደል በፊደል ቅዱት፣ በትውስታ አትጻፉት። ባዶ ወረቀት ላይ በሳምንቱ ስትፈተኑ ያኔ የጀርባውንም ጨምራችሁ ጻፉ።

ቃሎቹን በእርሳስ ጻፏቸው። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካሳሳታችሁ ላጲስ አንሱና ሌላ ፈልጉ። የእኛ ፈረቃ ከመገኘቱ በፊት ሁለት ቃል ጥለናል።